ደመወዙ 12፣ ወሩ 13

ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይገባል፤ ጳጉሜ ላይ ደመወዝ የለም። የዓመቱ ከባድ ወጪዎች ግን ጳጉሜን ከግራና ከቀኝ ከበው ነው የሚመጡት። በነሐሴ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተርና ቦርሳ አለ፤ ደብተሩ ተሸፍኖ ሳያልቅ እንቁጣጣሽ ይደርሳል፣ ከዚያም መስቀል። እነዚህ ወጪዎች ድንገተኛ አይደሉም፤ ቀናቸው ከዓመት በፊት ይታወቃል። ሆኖም ብዙ ቤተሰብ በየነሐሴው እንደ ዱብ ዕዳ ይቀበላቸውና ከዘመድ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ብድርና ቁጠባ ማኅበር ይበደራል። መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ያንን ብድር ሲከፍሉ ያልቃሉ። ብድሩ ሲያበቃ ደግሞ ገና ደጅ ላይ ነው።

መላው ቀላል ሒሳብ ነው። የሚታወቁትን የዓመት ወጪዎች ደምሮ ለ12 ማካፈልና የየወሩን ድርሻ ከደመወዙ ላይ ቀድሞ አንስቶ ለብቻው ማስቀመጥ። ይህ ገንዘብ ከተለመደው ቁጠባ ይለያል። ቁጠባ እንዳይነካ ነው የሚቀመጠው፤ ይኼኛው ግን ቀኑ ሲደርስ ሊወጣ ነው። ሁለቱን በአንድ ደብተር ያስቀመጠ ሰው ነሐሴ ላይ ቁጠባውን ያፈረሰ እየመሰለው ይጨነቃል፤ ወይም ደግሞ የልጆቹን ዩኒፎርም ገንዘብ እንደ ሀብት ይቆጥረዋል።

አንድ ቤት በምሳሌ እንይ። ባልየው ደመወዝተኛ ነው፣ ሚስቱ አነስተኛ የልብስ ሱቅ አላት፣ ሁለት ልጆች ይማራሉ። ያለፈውን ዓመት ደረሰኝና ትዝታቸውን ሰብስበው እንዲህ ጻፉ፦ ለምዝገባ፣ ለዩኒፎርምና ለደብተር በነሐሴ 18,000 ብር፤ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል 8,000፤ ለገና 6,000፤ ለሱቁ ንግድ ፈቃድ እድሳትና ተያያዥ ጉዳዮች 2,000፤ ለፋሲካ ከበጉ እስከ ልጆቹ ልብስ 12,000፤ ክረምት ሳይገባ ለቆርቆሮና ለአሸንዳ ጥገና 8,000። ድምሩ 54,000 ነው፤ በወር 4,500 ይደርሳል። መኪና ያለው ቤት ዓመታዊ ምርመራውንና ቦሎውን፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱንም እዚሁ ይጨምራል።

የንግድ ፈቃዱ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ቀኑ ሰፊ ስለሚመስል ሁሉም ወደ መጨረሻው ይገፋዋል፤ ታኅሣሥ 29 ደግሞ ገና ነው። እነዚህ ባልና ሚስት ሁለቱን አንድ ላይ 8,000 ብለው ያዙ። ግብሩን እዚህ ውስጥ አልከተቱትም፤ እሱ ከሱቁ ገቢ ላይ ለብቻው መነሳት አለበት፤ ያለ ግብር ክሊራንስም እድሳት የለም።

አሁን ሒሳቡን ወር በወር እንከተለው። የመስከረም በዓላት ካለፉ በኋላ፣ በመስከረም ደመወዝ ጀመሩ እንበል። ኅዳር መጨረሻ ላይ 13,500 አላቸው። የታኅሣሡ ተጨምሮ፣ ገናና ንግድ ፈቃዱ ተከፍለው 10,000 ይቀራል። መጋቢት መጨረሻ 23,500 ይሆናል። ፋሲካ 12,000 ይወስዳል፣ በግንቦት ጣሪያው ይጠገናል፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ 21,500 ይገኛል። የነሐሴው 4,500 ሲጨመር 26,000፤ ትምህርት ቤቱ 18,000 ይወስድና 8,000 ይቀራል። እሱም በእንቁጣጣሽና በመስቀል ያልቃል። ከመስቀል ማግስት ሒሳቡ ዜሮ ነው፤ መሆንም ያለበት ዜሮ ነው።

የሚያዝያን ደመወዝ ለፋሲካ አለመቁጠራቸውን ልብ ይሏል። ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ እየተሰላ ቀኑን ይቀያይራል። በ2016 ሚያዝያ 27 ነበር፣ በ2018 ግን ሚያዝያ 4። ደመወዝ ወር መጨረሻ ላይ ለሚገባለት ሰው የሁለቱ ዓመታት ልዩነት በጉን በእጅ ባለ ገንዘብ ወይም በዱቤ የመግዛት ልዩነት ነው። ስለዚህ ከመጋቢት ባለው ብቻ ማቀድ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን በመሃል ሲጀምር ነው። በየካቲት የጀመረ ሰው ለ12 አካፍሎ 4,500 ቢያስቀምጥ ለፋሲካ የሚደርስለት 9,000 ብቻ ነው። ከፋሲካ እስከ መስቀል ያሉት ወጪዎች 46,000 ሲሆኑ እስከ ነሐሴ የሚገቡት ሰባት መዋጮዎች 31,500 ብር ናቸው። ጉድለቱ 14,500 ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ነሐሴ ላይ እንደገና ሲበደር «ይኼ ነገር አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ማካፈል የሚገባው ለቀሩት ወራት ነበር፤ በዚያ ሒሳብ በወር 6,600 ገደማ ይመጣል፤ ይህን የሚችል ብዙ ቤት የለም። ለእኔ የሚሻለው በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ወጪ ብቻ መርጦ መያዝ ነው። የትምህርት ቤቱን 18,000 ለሰባት ወር ቢያካፍሉት በወር 2,600 አይሞላም። ፋሲካው በዚያ ዓመት እንደ ድሮው ይዋል።

ሌላው አደጋ መጋቢት ላይ ነው። 23,500 ብር ሲታይ ትርፍ ይመስላል፤ የቴሌቪዥን ሐሳብ ይመጣል፣ ዘመድም ብድር ይጠይቃል። መቆጣጠሪያው አንዲት ቅጠል ወረቀት ናት። በየወሩ መጨረሻ ስንት ብር መኖር እንዳለበት አስቀድሞ ይጻፋል፦ ጥር 14,500፣ የካቲት 19,000፣ መጋቢት 23,500። ከባንኩ ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። የካቲት ላይ 16,000 ከታየ 3,000 ብር የሆነ ቦታ ሄዷል፤ ነሐሴ ሳይደርስ ይታወቃል። ገንዘቡ በሌላ ባንክ፣ ካርድ ባልወጣለት ደብተር ቢቀመጥ ደግሞ እጅ በቀላሉ አይደርስበትም።

የዋጋ ንረቱም አለ። ያለፈው ዓመት ደረሰኝ የዘንድሮ ዋጋ አይደለም፤ የባንክ ወለድም ጭማሪውን አያካክስም። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የክፍያ ጭማሪ የሚያሳውቁት ዓመቱ ከማለቁ በፊት ስለሆነ ግንቦት ላይ ሒሳቡን መከለስ ጥሩ ነው። 18,000 የነበረው 22,500 ቢሆን፣ ጭማሪው ለሰኔ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ሲካፈል በወር 1,500 ነው። ደብተርና ቦርሳን የመሰለውን ግን ገበያው ሳይሞቅ፣ በሐምሌ መግዛት ይቀላል።

«ዕቁብ እያለን?» የሚል ይኖራል። ዕቁብ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ዳኛውና አባላቱ ስላሉ መዋጮው አይዘለልም። ችግሩ ዕጣው የትምህርት ቤት ምዝገባን አለማወቁ ነው። ኅዳር ላይ የደረሰው ሰው ገንዘቡን እስከ ነሐሴ ሳይነካ መያዝ አለበት፤ ያ ደግሞ ከመዋጮው የከበደ ሥራ ነው። ሰብሳቢውን አስቀድሞ አነጋግሮ የነሐሴውን ተራ መያዝ ወይም ከሌላ ዕቁብተኛ ጋር ዕጣ መለዋወጥ ከተቻለ፣ ለአንድ ትልቅ ወጪ ዕቁቡ ይበቃል። በዓመቱ ውስጥ ለተበተኑት ግን አይሆንም።

የጥገናው ገንዘብ ከሌሎቹ ይለያል። ዩኒፎርም በየዓመቱ ይገዛል፤ ቆርቆሮ ግን አንዳንድ ዓመት ምንም አይሆንም። በዚያ ዓመት 8,000ው ወደ በዓል እንዳይዞር። ጣሪያው በሙሉ የሚቀየርበት ክረምት ከ8,000 በላይ ይጠይቃል፤ የተረፈው እዚያው ቢጠራቀም ከስድስት ነጻ ዓመታት በኋላ 48,000 ብር ይጠብቃል። ከመስቀል ማግስት ሒሳቡ ዜሮ ካልሆነም የሚፈቀደው ምክንያት ይኼ ብቻ ነው።