ሕፃን ሲታነቅ

አየር ጤና አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው እንበል። የስምንት ወር ሕፃን ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ታላቁ ከሚቆረጥመው ቆሎ አንዲት ሽምብራ አጎረሰው። ሕፃኑ በኃይል እየሳለ ወይም እያለቀሰ ከሆነ አየር እየገባለት ነውና ጀርባውን አትምቱት፤ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ እንዲስል ተዉት። የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው። አፉን ከፍቶ ድምፅ ካጣ፣ ሳሉ ከደከመ፣ ከንፈሩም ከጠቆረ ጉሮሮው ተዘግቷል።

ያኔ ወዲያው አንሱት። በደረቱ ክንዳችሁ ላይ አስተኙት፤ ክንዳችሁን ጭናችሁ ላይ አስደግፉ፣ ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ ይበል። አገጩን በጣቶቻችሁ ያዙ፣ ጉሮሮውን ግን አትጫኑ። ከእጅ አንጓ አጠገብ ባለው የመዳፋችሁ ክፍል በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ቸብ ቸብ ማድረግ አይበቃም።

ካልወጣ በጀርባው ገልብጡት፤ ጭንቅላቱ አሁንም ዝቅ ይበል። ከጡቶቹ መስመር ዝቅ ብሎ ደረቱ መሐል ላይ አምስት ጊዜ ወደ ታች ግፉ፤ ጥልቀቱ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ በሁለት ጣት ይደረግ ነበር፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር የ2025 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ ግን የአንድ እጅን መዳፍ ይመርጣል። የታነቀበት ነገር እስኪወጣ ወይም ሕፃኑ ራሱን እስኪስት አምስት በጀርባ፣ አምስት በደረት እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ።

ሆዱን አትጫኑ፤ ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል። በእግሩ ዘቅዝቆ መናጥም፣ ውኃ መስጠትም አይረዳም። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት መስደድ ደግሞ ሽምብራዋን ወደ ውስጥ ይገፋታል።

ሕፃኑ ዝም እንዳለ፣ ሌላ ሰው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ወይም ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ይደውል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጎረቤት ጥሩ፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ እጃችሁ ሥራውን ይቀጥል። አድራሻ ስትናገሩ ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን የሚታወቅ ምልክት ጥቀሱ፤ አንድ ሰውም አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ይጠብቅ። አለርት ሆስፒታል እዚያው ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ነው ብሎ ሕፃኑን ይዞ ታክሲ ፍለጋ መሮጥ ግን ስህተት ነው፤ ያለ አየር ያለው ጊዜ የጥቂት ደቂቃ ነው።

ራሱን ከሳተ ጠንካራ ነገር ላይ አስተኙትና ደረቱን 30 ጊዜ በፍጥነት ተጫኑ። አፉን ከፍታችሁ እዩ፤ የሚታይ ነገር ካለ ብቻ አውጡ። አፉንና አፍንጫውን በአፋችሁ ሸፍናችሁ ሁለት ጊዜ በቀስታ ተንፍሱለት፤ እርዳታ እስኪደርስ ይህንኑ ደጋግሙ።

ሽምብራዋ ወጥታ ቢያለቅስም ደረቱ ተገፍቷልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሳል ወይም ሲር የሚል አተነፋፈስ ካልጠፋ ስብርባሪው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ይህ ከሳምንታት በኋላ የሳንባ ምች ሊመስል ይችላልና ሐኪሙ ታንቆ እንደነበር ይነገረው።