እግረ ረጅም ሁሉ ፈጣን ነውን?

በጋምቤላ ከተማ መሃል የሩጫ ነገር ሲነሣ ሁለት አባባሎች ይሰማሉ። አንደኛው፣ የኑዌርና የአኙዋክ ልጅ እግሩ ረጅም ስለ ሆነ ለአጭር ርቀት የተፈጠረ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ረጅም ርቀት የደጋ ሰው ሀብት ስለ ሆነ ቆለኛው ባይደክምበት ይሻለዋል ይላል። በነዚህ አባባሎች ተመርቶ ተማሪን በቁመቱ ብቻ የሚመድብ ሰው ቢኖር፣ አንዳንዱ ልጅ የማይሆነውን ርቀት ሲሮጥ ጉብዝናው ያልፍበታል። ስለዚህ አባባሎቹ ምን ያህል እውነት እንዳላቸው እንመርምር።

ልዩነቱን ጉልህ አድርጎ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ የተደረገውን የዓለም ሻምፒዮና ማስታወስ ይበቃል። ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት ኦገስት 16 ቀን 100 ሜትርን በ9.58 ሴኮንድ ሮጠ። በማግሥቱ እዚያው ሜዳ ላይ የኛው ቀነኒሳ በቀለ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ጨርሶ አሸነፈ። ቦልት ቁመቱ 195 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 94 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ቀነኒሳ ግን 165 ሳንቲ ሜትርና 56 ኪሎ ያህል ነበር። የቀነኒሳ ሩጫ ሲካፈል እያንዳንዱ 100 ሜትር 16 ሴኮንድ ያህል ይደርሰዋል። ይህን ፍጥነት ለአንድ መቶ ሜትር ብቻ መሮጥ ለብዙዎቻችን አይከብድም፤ እሱ ግን ሳያቋርጥ መቶ ጊዜ ደገመው። እንግዲህ ጥያቄው የሁለቱ ጡንቻ በምን ይለያል የሚለው ነው።

መልሱን በባሮ ዓሣ ላይ ማየት ይቻላል። ዓሣ ሲገፈፍ ሥጋው በብዛት ነጭ ሆኖ፣ ከቆዳው ሥር ግን በጎኑ መስመር ላይ ቀይ ጠቆር ያለ ሥጋ ይታያል። ዓሣው ቀኑን ሙሉ በዝግታ ሲዋኝ የሚሠራው ቀዩ ነው። ጠላት ሲመጣበት ወይም የሚበላውን ሊይዝ ሲወረወር ግን ነጩ ይነሣል፤ ብርቱ ነው፣ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል። የሰው ጡንቻ ደግሞ ሁለቱን ዐይነት ክሮች ለይቶ ሳያስቀምጥ አደባልቆ ይይዛል። ዝግተኛው ክር በዙሪያው ብዙ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉት፤ ኦክሲጅንን እየተጠቀመ ኃይል የሚያመነጩ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ረቂቅ አካላትም በውስጡ በብዛት ይገኛሉ፤ ስለዚህ ለረጅም ሰዓት አይዝልም። ፈጣኑ ክር በጣም ቶሎ ይኮማተራል፤ ኃይሉን ግን የሚያገኘው በአመዛኙ ኦክሲጅንን ሳይጠብቅ በውስጡ ካለው ስንቅ ስለ ሆነ በሴኮንዶች ውስጥ መድከም ይጀምራል።

ፈጣኑ ክር ለአጭር ርቀት ሯጭ ይህን ያህል የሚያስፈልገው፣ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ እግሩ መሬት ላይ የሚያርፈው ለአንድ ሴኮንድ ዐሥረኛ እጅ ያህል ብቻ በመሆኑ ነው። ሰውነቱን ወደፊት የሚወረውረውን ግፊት በዚያች ቅጽበት መጨረስ አለበት። ዝግተኛው ክር ሙሉ ጉልበቱን ከማውጣቱ በፊት እግሩ ከመሬት ተነሥቷል። ለረጅም ርቀት ሯጭ ግን እያንዳንዱ ግፊት መጠነኛ ነው፤ ችግሩ ግፊቱን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ መደጋገሙ ነው።

የክሮቹ ብዛት የሚታወቀው ሐኪም ቦታውን አደንዝዞ፣ ወፈር ባለ መርፌ ከጭን ወይም ከባት ትንሽ ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረምረው ነው። በተራ ሰው ዘንድ ሁለቱ ዐይነቶች ግማሽ በግማሽ ይጠጋሉ። በታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮች ዝግተኛው ከመቶ 70 እስከ 80 ሲደርስ፣ በታላላቅ የአጭር ርቀት ሯጮች ፈጣኑ ይህን ያህል ይይዛል። ይሁንና መርፌው የሚያነሣው ቁራጭ ትንሽ ስለ ሆነ፣ ከዚያው ጡንቻ ከሌላ ቦታ ቢወሰድ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል።

የውጪው ቅርጽም ከዚሁ ይከተላል። ፈጣን ክር በክብደት ማንሣት ልምምድ ይበልጥ ስለሚወፍር የአጭር ርቀት ሯጭ ጭኑና መቀመጫው ይሞላል። የረጅም ርቀት ሯጭ ባት ግን ቀጭን ቢሆን ይመረጣል። አንድ ድንጋይ በዱላ ጫፍ ላይ አስሮ ማወዛወዝ፣ እጀታው አጠገብ አስሮ ከማወዛወዝ ይልቅ እንደሚያደክም ሁሉ፣ ከዳሌ ርቆ ባት ላይ ያለ ሥጋም በየርምጃው ብዙ ጉልበት ይበላል። ሙቀትም ሌላ ምክንያት ነው። ሰውነት ቀጭን ሲሆን ከክብደቱ አንጻር ላብ የሚተንበት ቆዳ ይበዛለታል፤ እንደ ጋምቤላ ባለ ሐሩር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው አባባል እንመለስ። ረጅም እግር ርምጃን ያሰፋል፤ ቦልት መቶውን ሜትር በ41 ርምጃ ያህል ነው የጨረሰው። ነገር ግን ረጅም እግር በውስጡ ምን ዐይነት ክር እንዳለ አይናገርም። ከደቡብ ሱዳን ወላጆች አውስትራሊያ የተወለደው ቀጭኑና ረጅሙ ጋውት ጋውት እ.ኤ.አ. በ2024፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ 200 ሜትርን በ20.04 ሴኮንድ ሮጠ። ደቡብ ሱዳን ተወልዶ በስደት አሜሪካ የገባው ሎፔዝ ሎሞንግ ደግሞ በ2009 እና በ2010 የአሜሪካ የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በ2019 በ5,000ም በ10,000ም አሸነፈ። ትውልዳቸው ከአንድ አገር ነው፤ ርቀታቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ስለ ሁለተኛው አባባል ደግሞ የደጋው ጥቅም በዋናነት ከደም የሚመጣ መሆኑን መረዳት ይገባል። በስስ አየር ውስጥ የሚኖር ሰውነት ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል። ይህ ትልቅ ጥቅም ቢሆንም ቆለኛውን ዝግተኛ ክር አይነሣውም።

ክርስ በልምምድ ይለወጣልን? በወራት ልምምድ የሚለወጠው በአመዛኙ በፈጣኖቹ ክሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ እጅግ ፈጣኖቹ ድካም ወደሚችሉት ያዘነብላሉ። በብዙ ዓመታት ግን ለውጡ ሊሰፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ መንትዮች አንዱ ለ30 ዓመታት ያህል የጽናት ስፖርት ሲሠራ ኖሮ ዝግተኛ ክሩ ከመቶ 90 በላይ ሲሆን፣ የወንድሙ 40 ያህል ብቻ ነበር። ማሞ ወልዴም በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ 800፣ 1,500 እና 4 በ400 ሜትር ከሮጠ በኋላ በ1968 በሜክሲኮ ማራቶንን ማሸነፉ ይታወቃል።

መርፌ በሌለበት ሜዳ ምን ይደረግ? ሁለት ልጆች 100 ሜትርን በ12 ሴኮንድ ይሮጣሉ እንበል። ሌላ ቀን፣ ዐርፈው ሳሉ፣ 400 ሜትር ይሩጡ። አንዱ በ53፣ ሌላው በ60 ቢገቡ፣ የመጀመሪያው ፍጥነቱን ያቆየ ስለ ሆነ በ800 እና በ1,500 ሊሞከር ይገባል። ሁለተኛው ከቆመበት ወደ ላይ ሲዘልም ከጓደኛው የሚበልጥ ከሆነ ፈጣን ክር የበዛበት መሆኑ ይጠረጠራል። ነገር ግን ጀማሪ ሯጭ አጀማመሩን አብዝቶ በመሮጥ ብቻ መጨረሻው ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ፈተናው በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ያህል ሳይደገም ፍርድ አይሰጥ። ሜትር ገመድ ቁመትን ይለካል፤ ክርን የሚያሳየው ግን ሰዓት ነው።