የተደበቀው ዕዳ መቼ ይገለጥ?

አንድ የገጠር መምህር ቤተሰቡ ለዓመታት የደበቀውን ዕዳ ያገኛል። ይህን የሰማ ጀማሪ ደራሲ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው መጨረሻውን ነው። መምህሩ ወረቀቱን ያገኛል፣ ይደነግጣል፣ ታሪኩ ያልቃል። በሦስት ገቢር አከፋፈል ግን የዕዳው መገለጥ የታሪኩ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ታሪክ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ አለው የሚለው ሐሳብ ከአርስቶትል ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ጽሑፍ መምህር ሲድ ፊልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን በመጠን ከፈለው። አንደኛው ገቢር ሩቡን፣ ሁለተኛው ግማሹን፣ ሦስተኛው ደግሞ ቀሪውን ሩብ ይወስዳል። ሦስት ሺህ ቃል ለሚሆን አጭር ልብወለድ ይህ በግምት ሰባት መቶ ሃምሳ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶና ሰባት መቶ ሃምሳ ቃል ማለት ነው። ቃል መቁጠር አያስፈልግም። ደራሲው አራተኛ ገጽ ላይ ደርሶ አሁንም የመንደሩን መልክ እየገለጸ ከሆነ ግን አንደኛው ገቢር ሌሎቹን እየበላቸው ነው።

ምሳሌውን መሬት እናውርደው። መምህር አለሙ እንበለው። በሚያስተምርበት ቀበሌ የተወለደ፣ በዲፕሎማ የሚያስተምር፣ ለዲግሪ የክረምት ትምህርት ለመመዝገብ ከደመወዙ እየቀነሰ ገንዘብ ያጠራቀመ ወጣት ነው። ጊዜው ሰኔ 2017 ሲሆን ምዝገባው ሐምሌ ላይ ይጀምራል። ይህ ፍላጎት ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ዕዳው የሚነካው ነገር ከሌለ ዕዳው ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንባቢው ደግሞ አንድ ትንሽ ምልክት ይታየው፦ አባትየው በገበያ ቀን ዋናውን መንገድ ትተው በገደሉ በኩል ይዞራሉ። ምክንያቱ ለጊዜው አይነገርም።

ከዚያ አባት ይታመማሉ። ልጃቸው የመሬት ይዞታ ደብተሩን ከሣጥን እንዲያወጣ ሲላክ፣ በደብተሩ ገጾች መሐል አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ያገኛል። አሥራ ሁለት ሺህ ብር። ከግርጌው የአባቱ የጣት አሻራ፣ የሁለት ምስክሮች ስም፤ አንደኛዋ እናቱ ናት። አባቱ ማንበብ አይችሉም። በዚያ ቤት አንባቢው እሱ ብቻ ስለነበር ወረቀቱ የተደበቀው በተለይ ከእሱ ነው። አንደኛው ገቢር እዚህ ላይ ይዘጋል፤ መምህሩ ከእንግዲህ እንዳላየ መሆን አይችልም።

ታሪኩ በወረቀት ላይ መቆሙ እንዲሁ የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ይኸው ሕግ ለደራሲው የሚበጅ ሌላ ነገርም ይሰጣል፦ ይርጋ። በውል የመጣ ግዴታ በመደበኛው አሥር ዓመት ካለፈው በፍርድ ቤት መጠየቁ ያከትማል፤ ከዚያ በፊት ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ ግን ዘመኑ ተቋርጦ እንደ አዲስ ይቆጠራል። የአለሙ አባት ብድሩን የወሰዱት በጥቅምት 2007 ነው፤ መመለስ የነበረባቸው በጥቅምት 2008። ስለዚህ በሰኔ 2017 የቀሩት አራት ወራት ብቻ ናቸው። ዝም ብሎ መቆየት ብቻውን ገንዘብ ያድናል። ለታሪክ ከዚህ የተሻለ ሰዓት ማግኘት ያስቸግራል።

ብዙዎች የሚወድቁት ሁለተኛው ገቢር ላይ ነው። መምህሩ ይተክዛል፣ መስኮት ላይ ቆሞ ያስባል፣ ያለፈውን ያስታውሳል፤ ምንም አያደርግም። ጉድለቱን የሚያሳይ ቀላል መፈተኛ አለ። ደራሲው ትዕይንቶቹን በአንድ በአንድ መስመር ጽፎ በመሐላቸው የሚገባውን ቃል ይሞክር። «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» የሚገባ ከሆነ ታሪኩ እየተጎተተ አይደለም። «ከዚያም» ብቻ የሚገባ ከሆነ ግን ሁለቱን ትዕይንቶች ቦታ ቢያለዋውጧቸው ምንም አይጎድልም ማለት ነው።

አለሙ እናቱን ይጠይቃል፤ እሷ ግን «ተወው ልጄ፣ የአባትህ ነገር ነው» ብላ ትዘጋዋለች። ስለዚህ አበዳሪው ቤት ይሄዳል። ሊጣላ ነው የሄደው፤ ነገር ግን የሚጠብቁት የአባቱ አበልጅ ናቸው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወለድ ያልጠየቁ፣ አሁን ራሳቸው ታመው ልጃቸውን ለመዳር የተቸገሩ ሽማግሌ። አበዳሪው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ አለመክፈል ቀላል ይሆን ነበር፤ ታሪኩም ያኔ ይሞታል። ሽማግሌው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዘመኑ ከማለፉ በፊት አባትህ አዲስ ወረቀት ላይ አሻራውን ያድርግልኝ።

መሐሉ ላይ ሁለተኛው ግኝት ይመጣል። አለሙ እስካሁን ያየው የገንዘቡን መጠን ነው። አንድ ማታ በኩራዝ ብርሃን ወረቀቱን እንደገና ሲያነብ ዓይኑ ቀኑ ላይ ያርፋል፤ ጥቅምት 2007። ሻንጣ ይዞ ወደ መምህራን ኮሌጅ የሄደበት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ አባቱ «ዘንድሮ እህሉ ደግ ነበር» ብለው ነበር የሸኙት። የመጀመሪያው ግኝት ቤተሰቡ ዕዳ እንዳለበት ነገረው፤ ሁለተኛው ዕዳው እሱ ራሱ እንደሆነ ይነግረዋል። ሁለቱን በአንድ ትዕይንት መጨረስ ትልቅ ብክነት ነው፤ ሁለተኛው ገቢር የሚቆመው በመሐላቸው ባለው ርቀት ላይ ነውና።

መገለጡን እስከ መጨረሻው መስመር ይዞ መቆየት አይቻልም ወይ? ይቻላል። ጊ ደ ሞፓሳ እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው ስለ አልማዝ ሐብል በሚተርከው ታሪክ አድርጎታል። ባልና ሚስት የጠፋ የውሰት ሐብል ለመተካት 36,000 ፍራንክ ያወጣሉ፣ ግማሹን ተበድረው አሥር ዓመት ይለፋሉ፤ የጠፋው ሐብል ሐሰተኛ እንደነበረ የሚሰሙት በመጨረሻ ነው። እዚያ ግን አንባቢው ዕዳውን ያውቀዋል፣ ሲከፈልም ያየዋል፤ የተደበቀው ልፋቱ ከንቱ መሆኑ ብቻ ነው። የመምህሩ ታሪክ ዕዳው ራሱ የተደበቀበት ስለሆነ ዘግይቶ ከተገለጠ መምህሩ የሚሠራበት ቦታ አይተርፍለትም።

ሦስተኛው ገቢር አጭር ነው። ሽማግሌው አዲሱን ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። አባት አልጋ ላይ ናቸው፤ አውራ ጣታቸው በቀለም ርሷል፤ ወረቀቱን የሚያነብላቸው ልጃቸው ነው። አለሙ በትክክል ቢያነብ ያጠራቀመው ገንዘብ ይሄዳል፣ የክረምቱ ትምህርትም ይቀራል። አዛብቶ ቢያነብ ማንም አያውቅበትም፣ ጥቅምትም ይመጣል። ዕጣ የደረሰው አጎት ወይም ድንገት ዕዳውን የሚተው አበዳሪ እዚህ ከገባ ምርጫው ከመምህሩ እጅ ይወሰዳል፤ አንባቢውም እንደተታለለ ይሰማዋል። በሌላ በኩል፣ ካነበበ በኋላ ለምን እንዳነበበ የሚያብራራ አንቀጽ አያስፈልግም። አባትየው በሚቀጥለው የገበያ ቀን በዋናው መንገድ ቢሄዱ ይበቃል።

ለታሪኩ አንድ ሺህ ቃል ብቻ ከተፈቀደ ከሣጥኑ መጀመር ይሻላል። የክረምት ትምህርቱ፣ የገደሉ መንገድና የአባት ሕመም በሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይገባሉ፤ የእናት ትዕይንት ሊወጣ ይችላል። የሁለቱ ግኝቶች ርቀትና የአልጋው ዳር ንባብ ግን ቦታቸውን እንደያዙ መቆየት አለባቸው።