ፎልደሬን ለሁለት የከፈለችው ክፍት ቦታ

ለገና አዲስ አበባ ልሄድ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጫለሁ። በረራዬ ከዳላስ ወደ ደለስ ነው (ይህን አገር ቤት ላለ ሰው በስልክ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው)፣ ከዋሽንግተን በኋላ ደግሞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ። በቦርሳዬ ውስጥ ለአያቴ የማደርስላት ፍላሽ አለ። ጋርላንድ የምትኖረው አክስቴ ያስቀመጠችውን የቤተሰብ አልበም በምስጋና ቀን ዕረፍት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ስካን አድርጌ ነበር። የቀረኝ ወደ ፍላሹ መገልበጥ ብቻ ነው።

ፍላሹ ግን ቦታ የለኝም አለ። ላፕቶፔ ላይ «አልበም» በሚለው ፎልደር ውስጥ ሁለት ፎልደሮች አሉ። «ፎቶ» የሚለው በትልቁ ስካን ያደረግኳቸውን ዋናዎቹን የያዘ ነው፤ «ፎቶ ድጋሚ» የሚለው ደግሞ በቴሌግራም ለመላክ ብዬ ያሳነስኳቸውን ቅጂዎች። ድጋሚዎቹን ልጥረግ አልኩና ቀደም ብዬ የጻፍኳትን አጭር ስክሪፕት አስነሳሁ፦

```
#!/bin/bash
cd ~/Desktop/አልበም || exit 1
old="ፎቶ ድጋሚ"
rm -rf $old
```

ምንም የስሕተት መልእክት አልመጣም። ፎልደሩን ስከፍተው ግን «ፎቶ ድጋሚ» ምንም ሳይነካ ቁጭ ብሏል። የጠፋው «ፎቶ» ነው። `rm` ደግሞ የሚያጠፋውን ወደ ቆሻሻ መጣያው አይልክም፤ ከጠፋ ጠፋ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «የጥቅስ ምልክት አድርጌ የለ እንዴ?» የሚል ነበር። አድርጌያለሁ፤ ነገር ግን ያደረግኩት ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። እዚያ ያለው ጥቅስ ሥራው «ሁለቱንም ቃል አንድ ላይ አስቀምጥ» ማለት ብቻ ነው። ዋጋው ተለዋዋጩ ውስጥ ከገባ በኋላ ጥቅሱ የለም፤ ተከትሎት አይሄድም። አራተኛው መስመር ላይ ሼሉ `$old` ሲያገኝ መጀመሪያ በዋጋው ይተካዋል። ቀጥሎ የተተካውን ጽሑፍ ክፍት ቦታ፣ ታብ ወይም አዲስ መስመር ባገኘበት ሁሉ ይቆርጠዋል። ስለዚህ `rm` የደረሰው አንድ ስም ሳይሆን ሁለት ነው፦ «ፎቶ» እና «ድጋሚ»። «ፎቶ» የሚባል ፎልደር አለ፣ አጠፋው። «ድጋሚ» የሚባል ግን የለም። `-f` ስላለበት የሌለውን ነገር ሲያጣ ዝም ይላል። ያ `f` ባይኖር ኖሮ ቢያንስ አንድ የቅሬታ መስመር አይ ነበር፤ ፎቶው መጥፋቱ ግን አይቀርም።

መድኃኒቱ አራተኛው መስመር ላይ ሁለት ምልክት ነው፦

```
rm -rf "$old"
```

ድርብ ጥቅስ ሼሉን «ተካው፣ ግን አትቁረጠው» ይለዋል። ነጠላ ጥቅስ እዚህ አይሆንም፤ እሱ መተካቱንም ይከለክላል፣ `rm` ቃል በቃል `$old` የሚባል ፋይል ፍለጋ ይሄዳል።

የበለጠ ያናደደኝ ስክሪፕቱን ጠዋት ሞክሬው እንደነበር ነው። ተርሚናል ከፍቼ `old="ፎቶ ድጋሚ"` ብዬ፣ ከዚያ ያለ ጥቅስ `ls $old` ስለው ትክክለኛውን ፎልደር አሳይቶኛል። የኔ ማክ ነው። ማክ ከ2019 ጀምሮ ተርሚናሉ ላይ የሚያቀርበው ሼል `zsh` ነው፤ `zsh` ደግሞ ራሱ ካልታዘዘ በስተቀር የተለዋዋጭን ዋጋ አይቆርጥም። የስክሪፕቴ የመጀመሪያ መስመር ግን `#!/bin/bash` ይላል፤ `bash` ይቆርጣል። በእጅ የሞከርኩትና በስክሪፕት ያስኬድኩት ሁለት የተለያዩ ሼሎች ነበሩ።

`echo` ብሎ ማየትም አያድንም። `echo` የተቆራረጡትን ቃላት በክፍት ቦታ አያይዞ ስለሚያትማቸው የተቆረጠውም ያልተቆረጠውም አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን የሚያሳየው ይህ ነው፦

```
printf '<%s>\n' $old
```

በ`bash` ሁለት መስመር ይወጣል፤ `<ፎቶ>` ከላይ፣ `<ድጋሚ>` ከታች። `$old` ላይ ጥቅስ ስታደርጉ `<ፎቶ ድጋሚ>` ብሎ አንድ መስመር ይሆናል። ከ`rm` በፊት ይህችን መስመር በዚያው ስክሪፕት ውስጥ አስገብቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። `ShellCheck` የሚባለው ነፃ መሣሪያም ስክሪፕቱን ስትሰጡት ጥቅስ የጎደለበትን ቦታ `SC2086` በሚል ቁጥር ይጠቁማል።

በዚህ እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። በኅዳር 2001 እ.ኤ.አ. አፕል አይቲዩንስ 2ን ለማክ ሲያወጣ የመጫኛው ስክሪፕት አሮጌውን ቅጂ ለማጥፋት የዲስኩን ስም የያዘ ተለዋዋጭ ያለ ጥቅስ ለ`rm` ይሰጥ ነበር። የዲስካቸው ስም ክፍት ቦታ ያለበት አንዳንድ ተጠቃሚዎች ሙሉ ዲስክ ጠፋባቸው። አፕል ወዲያው አንሥቶ 2.0.1ን አወጣ።

በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳስበው አንድ ነገር አሳቀኝ። እንደ ጥንቱ በቃላቱ መካከል ሁለት ነጥብ አድርጌ «ፎቶ፡ድጋሚ» ብዬ ብሰይመው ኖሮ ምንም አይደርስብኝም ነበር። ሼሉ የሚቆርጥባቸው ምልክቶች `IFS` በሚባል ተለዋዋጭ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ካልቀየራችሁት በቀር እነዚያ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሁለት ነጥብ ለኛ ቃል ይለያል፣ ለሼሉ ግን እንደ «ሀ» ወይም «ለ» አንድ ተራ ፊደል ነው። የመሳፈሪያ ወረቀቴም የራሱን መላ ፈጥሯል፤ የኔንና የአባቴን ስም ያለ ክፍት ቦታ አጣብቆ ነው ያተመው።

ይሁንና ሁለት ነጥብን መፍትሔ አላደርገውም፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ፋይል የምንሰይመው እኛ አይደለንም። ከዋትስአፕ በኮምፒውተር ያወረዳችሁት ፎቶ `WhatsApp Image` ብሎ ይጀምርና ቀንና ሰዓቱን በክፍት ቦታ ያስከትላል። እንዲህ ያሉትን በአንዴ ለመገልበጥ ብዙ ሰው `for f in $(ls)` ይጽፋል። እዚያ የ`ls` ውጤት ራሱ ስለሚቆረጥ ውስጥ `"$f"` ብትሉም ዘግይታችኋል፤ ስሙ ቀድሞ ተቆራርጧል። `ls`ን ተዉትና ኮከቡን ራሱን ተጠቀሙ፦

```
for f in *.jpeg; do
  cp -- "$f" "$dest"
done
```

በኮከብ የተገኘ ስም አይቆረጥም፤ ሙሉውን `f` ውስጥ ይገባል። ሁለቷ ሰረዝ በሰረዝ የሚጀምር ስም ቢመጣ `cp` እንደ ትእዛዝ እንዳይቆጥረው ነው።

ለአክስቴ ደወልኩላት። ድምፄን ሰምታ ደነገጠች፤ ሰው የሞተ መስሏት። ነገሩን ስነግራት «አይዞሽ፣ አልበሙ እዚሁ አይደል እንዴ? የት ይሄዳል?» አለችኝ። ለአያቴ ትንንሾቹን ቅጂዎች ይዤላት ሄድኩ። በጥር ተመልሼ ጋርላንድ ሁለት ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ሁሉንም እንደገና ስካን አደረግኳቸው። የፎልደሩን ስም አልቀየርኩም፤ አሁንም «ፎቶ ድጋሚ» ነው፣ ክፍት ቦታው እንዳለ።