ቀስቱን የሣለው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2018 መጸው የቢትኮይን ገበያ እንቅልፍ የሚያስወስድ ነበር። ዋጋው በ6,500 ዶላር ዙሪያ እየተመላለሰ ሳምንታት አለፉ። ቻርቱ ላይ ዋጋውን ከላይና ከታች የሚያጅቡት ሁለት መስመሮች ተቀራርበው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ኖቬምበር 14 ቀን ዋጋው ከ6,000 በታች ወረደ፤ በዲሴምበር አጋማሽ 3,200 ዶላር አካባቢ ደረሰ።

ከአራት ዓመት በኋላ ያው ሥዕል ተደገመ። በዲሴምበር 2022 መጨረሻ ዋጋው በ16,500 እና በ17,000 መካከል ተኝቶ መስመሮቹ ጠበቡ። በዚህኛው ጊዜ ግን ወደ ላይ ተነሣ፤ ጃንዋሪ ሲያልቅ 23,000 ገደማ ነበር። ምልክቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ተገላቢጦሽ የሆነው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው መስመሮቹ በሚሰሉበት መንገድ ውስጥ ነው።

መስመሮቹ ቦሊንጀር ባንድ ይባላሉ፤ አሜሪካዊው የገበያ ተንታኝ ጆን ቦሊንጀር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣቸው ናቸው። መካከለኛው መስመር ያለፉት 20 ቀናት የመዝጊያ ዋጋ አማካይ ነው። ቀጥሎ የእነዚያ ቀናት ዋጋ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቅ ይሰላል፤ ይህ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው ነው። እጥፉን አማካዩ ላይ ሲደምሩት የላይኛው መስመር፣ ሲቀንሱት የታችኛው ይገኛል። ለምሳሌ አማካዩ 6,400፣ ርቀቱ 60 ቢሆን መስመሮቹ 6,520 እና 6,280 ላይ ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ያለው 240 ለ6,400 ሲካፈል 3.75 በመቶ ይመጣል። ይህ ቁጥር ባንድዊድዝ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ዝቅተኛው ላይ ሲደርስ ቦሊንጀር ስኩዊዝ ይለዋል።

አሁን ስሌቱን ጠጋ ብለን እንየው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የእያንዳንዱን ቀን ልዩነት በራሱ ያባዛል። ከአማካዩ 50 ዶላር በታች የዋለ ቀንና 50 ዶላር በላይ የዋለ ቀን ሁለቱም 2,500 ይሆናሉ፤ ምልክቱ እዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ባንዱ ሲጠብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚል መረጃ በውስጡ የለም። ከሌለበት ማውጣት ደግሞ አይቻልም።

ታዲያ ምን ይናገራል? ገበያው ከወትሮው ይልቅ ጸጥ ማለቱን። ጸጥታ ለዘለዓለም ስለማይቆይ ውሎ አድሮ መስመሮቹ ይሰፋሉ፤ እዚህ ድረስ ምልክቱ እውነተኛ ነው። ቀኑን ግን አይናገርም። ቤንዋ ማንደልብሮት በ1963 የጥጥ ዋጋን ሲያጠና ትንንሽ ለውጦች ትንንሾችን፣ ትልልቆች ደግሞ ትልልቆችን እንደሚከተሉ ጽፎ ነበር። በዚህ አካሄድ ጸጥ ካለ ቀን በኋላ የሚጠበቀው ሌላ ጸጥ ያለ ቀን ነው። የዛሬው የስድስት ወር ዝቅተኛ ነገ በባሰ ዝቅተኛ ሊተካ ይችላል። “ስኩዊዝ አየሁ” ብሎ በብድር ገንዘብ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከስረው በመጠበቅ ነው፤ የተበደረበት ወለድና ክፍያ ቀን በቀን ይቆጠርበታል።

መጥበቡ ራሱ የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። አንድ አክሲዮን ለወር ያህል 100 ብር ላይ ቆይቶ በአንድ ቀን 110 ገባና እዚያው ተቀመጠ እንበል። በአዲሱ ዋጋ አሥረኛው ቀን ላይ ስሌቱ ግማሹን አሮጌ፣ ግማሹን አዲስ ዋጋ ስለሚይዝ አማካዩ 105፣ መስመሮቹም 95 እና 115 ይሆናሉ። ዋጋው ግን አሥር ቀን ሙሉ ንቅንቅ አላለም! ሃያኛው ቀን ላይ የመጨረሻው 100 ከስሌቱ ሲወጣ ባንዱ ፍጹም ይጠብባል። በዚያ ቀን ገበያው ውስጥ አዲስ ነገር አልተፈጠረም፤ አሮጌ ቁጥር ነው የወጣው።

መስመሮቹ ከጠበቡ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ እንቅስቃሴም አያስተማምንም። ቦሊንጀር ራሱ ዋጋው መጀመሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብልጭ ብሎ ወዲያው ሊገለበጥ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በ2018 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቢትኮይን በሰዓታት ውስጥ ከ6,700 በላይ ወጥቶ ተመለሰ። “ተጀመረ” ብሎ የገዛ ሰው ከወር በኋላ በኖቬምበሩ ውድቀት ላይ ተገኘ።

እኔ ይህን መሣሪያ አልጥለውም። ገበያው የተኛበትን ጊዜ በዓይን ያሳያል፤ ለአደጋ መዘጋጃም ይሆናል። ነገር ግን በቴሌግራም የጠበበ ባንድ ሥዕል ወደ ላይ ከሚያመለክት አረንጓዴ ቀስት ጋር ቢላክልዎ፣ ላኪውን ቀስቱን ከምን እንዳገኘው ይጠይቁት። ከባንዱ አላገኘውም።