በጨለማ የተቀረጸ ቪዲዮ ሲስተካከል የትኛው ይቀድማል?

በትንሣኤ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ከአገር ቤት ይላክልናል። የጧፉ ነበልባል ደምቆ ይታያል፤ የእናት ፊት ግን በሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች ተሸፍኗል። ብዙ ሰው በቅድሚያ ብርሃኑን ይጨምራል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ብርሃን ወደ ካሜራው የሚደርሰው ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ሲሆን ቁጥራቸው በየቅጽበቱ ይዋዥቃል። አንድ የምስል ነጥብ በአማካይ 10,000 ፎቶን ሲደርሰው መዋዠቁ 100 ገደማ፣ ማለትም 1 በመቶ ነው። 100 ፎቶን ብቻ ሲደርሰው ግን መዋዠቁ 10 በመቶ ይሆናል። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ለአንዱ ፍሬም ከ1/30 ሰከንድ በላይ ብርሃን መሰብሰብ አይችልም። የጎደለውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሲያጎላም መዋዠቁን አብሮ ያጎላል፤ የምናየው ነጠብጣብ ይህ ነው።

ስለዚህ መቅደም ያለበት ነጠብጣቡን መቀነስ ነው። ነጠብጣቡ በየፍሬሙ ቦታውን ሲቀያይር የማይንቀሳቀስ ፊት ግን ባለበት ይቆያል። የ4 ተከታታይ ፍሬሞች አማካይ ሲወሰድም ነጠብጣቡ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቀጥሎ በጋማ ማስተካከያ ጨለም ያለው ክፍል ይነሣል፤ ጋማ ፍጹም ጥቁሩንና ፍጹም ነጩን ስለማይነካ ነበልባሉ ከነበረው በላይ አይነጣም። ጠርዝን ማጉላት የመጨረሻው ነው፤ ይህ ማጣሪያ የዐይን ሽፋሽፍትን ከነጠብጣብ መለየት ስለማይችል ሁለቱንም ያጎላል።

ነጻ በሆነው ffmpeg ፕሮግራም ሦስቱን በዚሁ ቅደም ተከተል በአንድ ትእዛዝ ማከናወን ይቻላል፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -t 10 -vf "hqdn3d=4:3:6:4.5,eq=gamma=1.3,unsharp=5:5:0.4" -c:v libx264 -crf 18 -c:a copy out.mp4
```

hqdn3d ነጠብጣቡን ይቀንሳል፣ eq ብርሃኑን ያነሣል፣ unsharp ጠርዙን ያጎላል። -t 10 ሙከራውን በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ይወስነዋል፤ ውጤቱ ካረካ ይወገዳል።

ውጤቱን ለመመዘን ሦስት ቦታ ማየት ይበቃል። የነጠላው ጥለት ከጠፋ ወይም ቆዳ ሰም ከመሰለ፣ የነጠብጣብ ቅነሳው በዝቷል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ዝቅ ማድረግ ይገባል። የሚያጨበጭብ እጅ ጥላ መሰል ዱካ ካስከተለ ደግሞ 6 እና 4.5 ይቀነሱ። በጧፉ ዙሪያ ነጭ ክር መሰል መስመር ከታየ 0.4 ወደ 0.2 ይውረድ።

ፈጽሞ የጠቆረ ጥግ ግን መረጃ ስለሌለው አይመለስም። በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ፊትም ጠርዙ ስለጎላ አይጠራም። በመልእክት መተግበሪያ ተጨምቆ የተላከ ቪዲዮ ከጨለማው ክፍል ብዙ ዝርዝር አጥቶ ይደርሳል። ስለዚህ ማስተካከል ከመጀመር በፊት ላኪውን ዋናውን ቅጂ በፋይል መልክ እንዲልክ መጠየቅ ይቀድማል።