አንድ ተቆጣጣሪ፣ ሁለት ሥራ፦ ትዕዛዝን መከተልንና ረብሻን መመከትን የሚለይ መዋቅር



የዛሬው ገለጻ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። አንድን የቁጥጥር ሥርዓት ከውጭ የሚመጣበትን ረብሻ በፍጥነት እንዲመክት አድርገን ስናስተካክለው፣ የተሰጠውን ትዕዛዝ ሲፈጽም ከልኩ አልፎ የሚሄደው ለምንድን ነው? ትዕዛዙን በልኩ እንዲፈጽም ስናለዝበው ደግሞ ረብሻን የመመከት አቅሙ ለምን ይዳከማል? መልሱ ከተቆጣጣሪው ቁጥሮች ይልቅ በመዋቅሩ ውስጥ ይገኛል።

በተለመደው የግብረ መልስ መዋቅር ተቆጣጣሪው C የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በትዕዛዙ r እና በውጤቱ y መካከል ያለውን ልዩነት። ቁጥጥር የሚደረግበትን አካል P፣ በመግቢያው ላይ የሚያርፈውን ረብሻ ደግሞ d ብንለው ግንኙነቱ እንዲህ ይጻፋል፦

```
y = PC/(1+PC) · r  +  P/(1+PC) · d
```

በሁለቱም ክፍልፋዮች ውስጥ ያለው C ያው አንዱ ነው። ስለዚህ ረብሻን ለመመከት C ን በመረጥንበት ቅጽበት ለትዕዛዝ የሚሰጠውንም ምላሽ ሳናስበው መርጠናል ማለት ነው። አይዛክ ሆሮዊትዝ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግብረ መልስ ሥርዓቶች መጽሐፍ አጥብቆ ያነሳው ነጥብ ይኸው ነበር፤ ሁለት ነገሮችን ለየብቻ መቅረጽ የሚፈልግ መሐንዲስ ሁለት ነፃ ምርጫዎች ሊኖሩት ይገባል። «ሁለት የነፃነት ደረጃ» የሚለው ስያሜም የሚገልጸው ይህንኑ ነው።

ነገሩን በአንድ ቀላል ምሳሌ እንከተለው። ፍጥነቱን የምንቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ሞተር አለን እንበል። የጊዜ ቋሚው 1 ሰከንድ ነው፤ መለኪያዎቹንም የተፈለገውን ፍጥነት ለማቆየት የሚያስፈልገው ምልክት 1 እንዲሆን አድርገን መርጠናል። ስለዚህ P = 1/(s+1) ይሆናል። የሞተሩ ማጉያ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ምልክት 2.5 ነው። ተቆጣጣሪው ፒአይ ሲሆን፣ ሁለቱም የዝግ ዑደት ፖሎች −10 ላይ እንዲያርፉ Kp = 19 እና Ki = 100 እንመርጣለን።

በመጀመሪያ ረብሻውን እንመልከት። ሞተሩን ለማዞር ከሚያስፈልገው ምልክት ጋር እኩል የሆነ ጭነት በድንገት ቢያርፍበት፣ ፍጥነቱ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ 3.7 በመቶ ያህል ብቻ ዝቅ ይልና ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ የሚያኮራ ምላሽ ነው። አሁን ግን ትዕዛዙን ከ0 ወደ 1 እንለውጥ። ውጤቱ

```
y(t) = 1 + (9t − 1)·e^(−10t)
```

ይሆናል። ፍጥነቱ በ0.21 ሰከንድ አካባቢ 1.11 ይደርሳል፤ ማለትም ከተፈለገው በ11 በመቶ ያልፋል። ፖሎቹ ሁለቱም እውናዊ ናቸው፤ ስለሆነም ይህ መወዛወዝ ሊባል አይችልም። ምክንያቱ የፒአይ ተቆጣጣሪው ይዞት የሚመጣው ዜሮ ነው፤ የትዕዛዙ ትራንስፈር ፈንክሽን (19s+100)/(s+10)² ሲሆን ዜሮው −5.3 አካባቢ፣ ከፖሎቹ ይልቅ ለመነሻው ቀርቦ ተቀምጧል። ከዚህም የከፋው፣ ትዕዛዙ በተለወጠበት ቅጽበት ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ምልክት 19 መሆኑ ነው፤ ማጉያው ግን ከ2.5 በላይ አይሰጥም። ሞተሩ በ2.5 ተወስኖ ሲፋጠን ኢንቴግሬተሩ ስህተትን ያለማቋረጥ ያከማቻል። ፍጥነቱ 1 ላይ በሚደርስበት ጊዜ የኢንቴግሬተሩ ድርሻ ከ23 በላይ ሆኖ ይገኛል፤ የሚያስፈልገው ግን 1 ነው። መከላከያ ካልተበጀለት ፍጥነቱ ከ11 በመቶም እጅግ አልፎ ይሄዳል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ቅድመ ማጣሪያ ነው። ትዕዛዙ ወደ ዑደቱ ከመግባቱ በፊት በ F = 1/(0.19s+1) እንዲያልፍ እናደርጋለን። የማጣሪያው ፖል ያንን አስቸጋሪ ዜሮ ያጠፋዋል፤ የቀረው 100/(s+10)² ብቻ ነው። ከልክ ማለፍ የለም፤ የምልክቱም ጣሪያ ከ19 ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። ረብሻን የሚመለከተው ክፍልፋይ ግን አልተነካም፤ ያ 3.7 በመቶ እንዳለ ነው። F ከዑደቱ ውጭ ስለሆነ የዑደቱን መረጋጋትም ሊያናጋ አይችልም። የተመጣጣኝ ክፍሉ ትዕዛዙን ትቶ ውጤቱን ብቻ እንዲያይ፣ ኢንቴግሬተሩ ግን ልዩነቱን እንዲያይ የተደረገባቸው የኢንዱስትሪ ተቆጣጣሪዎች የሚሠሩትም በትክክል ይህንኑ ማጣሪያ ነው፤ የስም ልዩነት ብቻ ነው።

ይሁንና 4 አሁንም ከ2.5 ይበልጣል። በተጨማሪም የትዕዛዙ ፍጥነት ከተቆጣጣሪው ቁጥሮች ጋር እንደተሳሰረ ነው፤ ነገ Kp ብንለውጥ ማጣሪያውም መለወጥ አለበት። ወደ ሁለተኛው ደረጃ የምንሸጋገረው በዚህ ምክንያት ነው። በቅድሚያ ሞተሩ እንዴት እንዲንቀሳቀስ እንደምንፈልግ በሞዴል M እንወስናለን፤ ከዚያም ያንን እንቅስቃሴ የሚያስገኘውን ምልክት ስለ P ካለን ግምት P̂ አስቀድመን እናሰላለን፦

```
y_m  = M · r
u_ff = (M / P̂) · r
u    = u_ff + C · (y_m − y)
```

u_ff ፊድፎርዋርድ የምንለው ምልክት ነው። M = 25/(s+5)² ብንመርጥ u_ff ከ2.15 አይበልጥም። ከማጉያው ጣሪያ በታች ነው፤ ለረብሻ መመከቻ የሚሆን ጥቂት ትርፍም ይቀራል። ሞዴሉ ትክክል ከሆነና ረብሻ ከሌለ y ምንጊዜም ከ y_m ጋር እኩል ይሆናል፤ ተቆጣጣሪው የሚያየው ስህተት ዜሮ ነው፤ ኢንቴግሬተሩም ከቦታው አይንቀሳቀስም። የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ሆነ፤ ፊድፎርዋርዱ የሚታወቀውን ይሠራል፣ ግብረ መልሱ የማይታወቀውን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ ይህን ውጤት በአንድ ውስብስብ ቅድመ ማጣሪያ ብቻም ማግኘት ይቻላል፤ ሁለቱ መዋቅሮች በአልጀብራ እኩል ናቸው። የሁለተኛው ብልጫ በሥራ ላይ የሚታይ ነው፤ C ን እንደገና ስናስተካክል M እና u_ff አይለወጡም፣ የሞዴል ስህተትም በተቆጣጣሪው መግቢያ ላይ በግልጽ ይነበባል።

ሞዴሉ ስህተት ቢሆንስ? የእውነተኛው ሞተር ጉልበት ከገመትነው በ20 በመቶ ያነሰ ነው እንበል፤ P = 0.8/(s+1)። ፊድፎርዋርዱ ብቻውን ቢሆን ፍጥነቱ 0.8 ላይ ይቀር ነበር። ግብረ መልሱ ሲጨመር ግን ውጤቱ እንዲህ ይሆናል፦

```
y = M · [ 1 + S·(P/P̂ − 1) ] · r ,   S = 1/(1+PC)
```

የሞዴሉ ስህተት የሚያልፈው በ S በኩል ነው፤ ይህም ረብሻን የሚያዳክመው ያው መጠን ነው። በምሳሌያችን የማጉያውን ጣሪያ ለጊዜው ትተን ብናሰላ ከ y_m የሚኖረው ከፍተኛ ልዩነት 1.7 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በመጨረሻም ወደ ዜሮ ይወርዳል። የ20 በመቶ ስህተት ወደዚህ ዝቅ ያለው ዑደቱን ለረብሻ ብለን አጥብቀን ስለነደፍነው ነው። ልብ በሉ፤ ይህንን ጥብቅነት ልንጠቀምበት የቻልነው ትዕዛዙን ከእርሱ ስላላቀቅነው ነው።

መዋቅሩ በትክክል መሥራቱን በምን እናውቃለን? ኢንቴግሬተሩን እንመልከት። ትዕዛዙ ሲለወጥ ኢንቴግሬተሩ ካልተንቀሳቀሰ ሞዴሉ ትክክል ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 0.25 ላይ ይረጋል፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ምልክት 1.25 ሲሆን ፊድፎርዋርዱ የሰጠው 1 ነው። ከዚህ ላይ 1/1.25 = 0.8 ብለን የሞተሩን እውነተኛ ጉልበት እናነባለን፤ ይህ ንባብ የሚሠራው ግን ቋሚ ጭነት በሌለበት ሁኔታ ነው። ኢንቴግሬተሩ በጉዞው መካከል ተንቀሳቅሶ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ደግሞ ጥፋቱን በጊዜ ቋሚው ግምት ላይ መፈለግ ይገባል።

በተማሪዎች ሥራ ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ስህተትም አለ። ፊድፎርዋርዱ ይጨመርና ግብረ መልሱ ግን ከ y_m ይልቅ ጥሬውን r እንዲከተል ይተዋል። ያን ጊዜ ሁለት አዛዦች በአንድ ሞተር ላይ ይነሳሉ፤ አንዱ ቀስ ብሎ እንዲሄድ አስልቶለታል፣ ሌላው አሁኑኑ እንዲደርስ ይጎትተዋል። በእኛ ቁጥሮች የማጉያውን ጣሪያ ለጊዜው ትተን ብናሰላ፣ ከልክ ማለፉ ከ11 ወደ 17.5 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ መሻሻል የታሰበው ተባብሶ ይገኛል። ፊድፎርዋርድ ሲጨመር ከልክ ማለፍ ከጨመረ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ይህ ግንኙነት ነው።

በመጨረሻም ስለ ወሰኖቹ። M እንደፈለግን የምንመርጠው ነገር አይደለም። P የማይገለበጥ ክፍል ካለው፣ ለምሳሌ በቀኝ ግማሽ ሜዳ ላይ ያለ ዜሮ ወይም የጊዜ መዘግየት፣ ያ ክፍል በ M ውስጥም መኖር አለበት፤ ካልሆነ u_ff ወሰን አልባ ሆኖ ያድጋል ወይም የወደፊቱን አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል። M ቢያንስ እንደ P ያህል ለስላሳ መሆን አለበት፤ ካልሆነ u_ff የትዕዛዙን ዲሪቬቲቭ ይፈልጋል። በራሱ ያልተረጋጋን P የሚያረጋጋው ግብረ መልስ ብቻ ነው፤ ከዑደቱ ውጭ ያለ ምንም ነገር ይህን አያደርግም። ማጣሪያውም ሆነ ፊድፎርዋርዱ በመለኪያ ጫጫታና ባልተለካ ረብሻ ላይ አንዳች ሥልጣን የላቸውም።

ስለዚህ የንድፉ ቅደም ተከተል ከመዋቅሩ ይወጣል። አስቀድሞ C ለረብሻ፣ ለጫጫታና ለመረጋጋት ብቻ ይነደፋል፤ በዚህ ጊዜ የትዕዛዙ ምላሽ አስቀያሚ መስሎ ቢታይ C ን ለማለዘብ ምክንያት አይሆንም። ቀጥሎ M ከማጉያው ጣሪያ አንጻር ይመረጣል። u_ff የሚሰላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራው ሲጀመርም ኢንቴግሬተሩ ይነበባል።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።